ሁለት ገመድ፣ አንድ ቋጠሮ

የግቢያችን የልብስ ማስጫ ገመድ ባለፈው ክረምት ተበጠሰ። ግማሹ በስብሶ ስለነበር ቆርጬ ጣልኩትና ቤት ውስጥ የተገኘ ወፍራም የናይለን ገመድ ቀጠልኩበት። አሁን ከበሩ አጠገብ ካለው የብረት ቋሚ ተነስቶ ስድስት ሜትር ያህል ቀጭን ገመድ ይሄዳል፤ ከዚያ ቋጠሮ አለ፤ ከቋጠሮው እስከ ግንቡ ደግሞ ሌላ ስድስት ሜትር ወፍራም ገመድ። መልኩ አያምርም፤ ልብስ ግን ያደርቃል።

አንድ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ የቀጭኑን ጫፍ በመጥረጊያ እንጨት ከታች ወደ ላይ እየመታ ሲጫወት ቆየና ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ምቱ ተመልሶ ይመጣል እኮ!»

«ግንቡ ጋ ደርሶ ነዋ የሚመለሰው» አልኩት፣ ከማነበው ጋዜጣ ቀና ሳልል።

«አይደለም። ጣቴን ገመዱ ላይ ሳስነካ ሁለት ጊዜ ነው የሚመታኝ። አንዱ ቶሎ ይመጣል፣ ሌላው ቆይቶ።»

ሄጄ ጣቴን አስነካሁ። ልጁ ልክ ነበር። ሁለተኛው ምት ከግንቡ የሚመጣው ነው። የመጀመሪያው ግን የመጣው ምንም ግድግዳ ከሌለበት፣ ከዚያ ከማያምረው ቋጠሮ ነበር። ገመዱ እዚያ ጋ አልተበጠሰም፣ ከምንም ጋር አልታሰረም፤ እንዲያውም አብዛኛው ምት ቋጠሮውን አልፎ ሄዷል። ታዲያ የተመለሰው ለምን ተመለሰ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ምቱ በገመዱ ላይ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ እንይ። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ገመዱ ምን ያህል እንደተወጠረና አንድ ሜትሩ ምን ያህል እንደሚመዝን። ውጥረት ሲጨምር ምቱ ይፈጥናል፤ ክብደት ሲጨምር ይዘገያል። በሁለቱ ገመዶቼ ላይ ውጥረቱ አንድ ነው፣ ምክንያቱም አንዱ ሌላውን ነው የሚጎትተው። ወፍራሙ አጥብቆ ቢጎትት ኖሮ ቋጠሮው ወደ እሱ ይሄድና ሁለቱ እኩል የሚሳሳቡበት ቦታ ላይ ይቆም ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ የክብደት ብቻ ነው። ቁጥሩ እንዲቀል ቀጭኑ በሜትር 10 ግራም፣ ወፍራሙ 40 ግራም ይመዝናል እንበል። ውጥረቱ ደግሞ ጫፉ ላይ 3.7 ኪሎ ግራም ያህል ቢንጠለጠልበት የሚኖረው፣ ማለትም 36 ኒውተን ይሁን። ውጥረቱን በሜትር ክብደቱ (በኪሎ ግራም) አካፍለን የስኩዌር ሥሩን ስንወስድ ፍጥነቱን እናገኛለን። በቀጭኑ ላይ በሰከንድ 60 ሜትር፣ በወፍራሙ ላይ 30 ሜትር ይሆናል። ክብደቱ አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው።

አመታቱም የራሱ ብልሃት አለው። ገመዱን መሃሉ ላይ ብትመቱት ጉብታ አታገኙም፤ የምታገኙት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሰፋ የሚሄድ ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ከቋሚው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ስትመቱት ግን ወደ ቋሚው የሄደው ግማሽ እዚያ ተገልብጦ ይመለስና ሜዳውን ከኋላው ይዘጋዋል። 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጉብታም ብቻውን ይጓዛል። ልጁ ሳያውቀው የሚመታው ልክ እዚያ ላይ ነበር። የጉብታው ከፍታ 3 ሴንቲ ሜትር ነው እንበልና እንከተለው።

ጉብታው ወደ ቋጠሮው ይደርሳል። እዚህ ላይ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው አንድ ቀላል እውነት አለ፦ ቋጠሮው በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። የቀጭኑ ገመድ መጨረሻም፣ የወፍራሙ ገመድ መጀመሪያም እሱ ነው። ቀጭኑ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሊያነሳው ይመጣል። ከቋጠሮው ወዲያ የቀጠለው ቀጭን ገመድ ቢሆን ኖሮ እንደተባለው ሦስት ሴንቲ ሜትር ይነሳና ጉብታው ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፍ ነበር። ነገር ግን ወዲያ ያለው ወፍራም ነው፤ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቋጠሮው የሚነሳው ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የጎደለችው አንድ ሴንቲ ሜትር የት ገባች? ቀጭኑ ገመድ ከጠበቀው ከፍታ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ተይዞ እንደቀረ ሆነ። በገመዱ ጫፍ ላይ አንድ ሰው አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ቢጎትተው ምን ይፈጠራል? ስርጉድ ተፈጥሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሆነውም ይኸው ነው። ልጁ ጣት ላይ ቀድሞ የደረሰው ምት አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ታች የተገለበጠ ስርጉድ ነበር። ወደ ፊት ደግሞ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉብታ፣ ሳይገለበጥ፣ በወፍራሙ ላይ ቀጠለ። ከሦስት አንድ ሲቀነስ ሁለት፤ ሒሳቡ ቋጠሮው ላይ ይዘጋል።

ሁለት መሆኑን በምን አወቅን? ለምን አንድ ተኩል አልሆነም? እዚህ ጋ ሁለተኛ ሕግ ይገባል። ቋጠሮው ራሱ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ክብደት የሌለው ነገር ደግሞ ከግራና ከቀኝ እኩል ካልተሳበ በቅጽበት ተስፈንጥሮ ይጠፋል። ቋጠሮው እንዳይስፈነጠር የሁለቱ ገመዶች ዘንበል ማለት፣ ማለትም ቁልቁለታቸው፣ ቋጠሮው ላይ አንድ መሆን አለበት። ጉብታውን እንደ ጎጆ ክዳን በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች እንሳለው። መጪው ጉብታ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ተመላሹ ስርጉድ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ስለሚሄድ የእሱም መስመር በዚያው አቅጣጫ ያዘነብላል፤ በ30 ሴንቲ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ድምሩ በ30 ውስጥ 4 ነው። በወፍራሙ በኩል ያለው ጉብታስ? ፍጥነቱ በግማሽ ስለቀነሰ ርዝመቱም በግማሽ አጥሯል። ፊት ያለው መኪና ሲያዘግም ከኋላ ያሉት እየተጠጉት ሰልፉ እንደሚያጥር ማለት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር የነበረው 30 ሆኗል፤ ስለዚህ በ15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 2 ይወርዳል። ይህም በ30 ውስጥ 4 ነው። ገጠመ። ተመላሹን ግማሽ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ብትሞክሩት አይገጥምም።

የፊዚክስ ሰዎች ይህን በየጊዜው ከሥሩ ላለመሥራት ለእያንዳንዱ ገመድ አንድ ቁጥር ይሰጡታል፤ ኢምፒዳንስ ይሉታል። እኔ «እምቢታ» ልበለው፦ ገመዱ ለመነሳት የሚያሳየው እምቢተኝነት። ውጥረቱ አንድ ሲሆን እምቢታው የሜትር ክብደቱ የስኩዌር ሥር ነው የሚከተለው። በእኛ ምሳሌ ቀጭኑ 1 ከሆነ ወፍራሙ 2 ነው። የሚያልፈውን ከፍታ ለማግኘት ምቱ የመጣበትን ገመድ እምቢታ በሁለት ታባዛላችሁ፣ ለሁለቱ ድምር ታካፍላላችሁ፣ ውጤቱን በመጪው ከፍታ ታባዛላችሁ። ሁለት ለሦስት ሲካፈል፣ በሦስት ሴንቲ ሜትር ሲባዛ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር። የሚመለሰው በሚያልፈውና በመጪው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ጉድለት ከሆነ ስርጉድ፣ ትርፍ ከሆነ ጉብታ ሆኖ ይመለሳል።

ትርፍ ይሆናል እንዴ? ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው ያላመንኩት ይህንን ነው። ከግንቡ በኩል ሄዳችሁ ወፍራሙን ምቱ። 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉብታ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ይመጣል። አሁን የመጣበት ገመድ እምቢታ 2 ነው፤ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት፣ ለሦስት ሲካፈል፣ በሦስት ሲባዛ፣ 4 ሴንቲ ሜትር። ያለፈው ከመጣው በለጠ! ቋጠሮው ከጠበቀው ያነሰ ተቃውሞ ስላገኘ ከልክ በላይ ተወርውሮ ተነሳ፤ ትርፉ አንድ ሴንቲ ሜትርም ሳይገለበጥ፣ ጉብታ እንደሆነ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ይህን ያየ ሰው ጉልበት ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሦስት ገብቶ አራት ወጥቶ፣ አንድ ደግሞ ተመልሶ! ነገር ግን ጉልበት የሚለካው በከፍታ ብቻ አይደለም። ቀላል ነገርን ከፍ ማድረግ ከባድ ነገርን ጥቂት ከማንሳት ሊቀል ይችላል። ምቱ የሚሸከመው ጉልበት ከፍታው በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በገመዱ እምቢታ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር ይመጣጠናል። መጪው፦ ሦስት በሦስት ዘጠኝ፣ በ2 ሲባዛ 18። አላፊው፦ አራት በአራት 16፣ በ1 ሲባዛ 16። ተመላሹ፦ አንድ በአንድ፣ በ2 ሲባዛ 2። 16 እና 2፣ 18። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ስንሄድም ብንቆጥረው 9 ገብቶ 8 ያልፋል፣ 1 ይመለሳል። በሁለቱም አቅጣጫ የሚያልፈው ጉልበት ከዘጠኝ ስምንት እጁ ነው። የምቱ መልክ በሁለቱ አቅጣጫዎች ፈጽሞ ሲለያይ የሚያልፈው ጉልበት ግን እኩል መሆኑ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ደስ የሚል ነገር ነው።

ወደ ግንቡ እንመለስ። ግንብ ማለት እምቢታው ወሰን የሌለው ገመድ ማለት ነው፤ መነሳት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያልፈው ዜሮ ስለሆነ ጉድለቱ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ምቱ እንዳለ ተገልብጦ ይመለሳል። በተቃራኒው ጫፉ በቀጭን ብረት ላይ ያለ ሰበቃ ሽቅብ ቁልቁል በሚንሸራተት ቀለበት ቢታሰር፣ ጫፉ በመጪው ከፍታ እጥፍ ይነሳና ምቱ ሳይገለበጥ ይመለሳል።

ሰውን የሚያሳስተው ይህ የግንቡ ምላሽ ነው። ከቋጠሮውም ከግንቡም የሚመለሰው ተገልብጦ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ በምን ይለያል? ብዙ ሰው ትልቁን ያያል፣ እሱንም የቋጠሮው ነው ይላል። ትልቁ ግን የግንቡ ነው። በወፍራሙ ያለፈው ሁለት ሴንቲ ሜትር ግንቡ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስርጉድ ይሆናል። ከዚያ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሻገር ከላይ እንዳየነው በአራት ሦስተኛ ያድጋል። ጣታችን ላይ ሲደርስ 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከቋጠሮው የመጣው ግን 1 ብቻ። መለያው ሰዓቱ ነው። የቋጠሮው ምላሽ 12 ሜትር በቀጭኑ ላይ ብቻ ተጉዞ በ0.2 ሰከንድ ይደርሳል። የግንቡ ደግሞ በወፍራሙ ላይ ሲያዘግም ቆይቶ በ0.6 ሰከንድ። ጣት ይህንን ለይቶ ያውቃል፤ ዓይን ግን አይደርስበትም። በሞባይል አዝጋሚ ቪዲዮ፣ በሰከንድ 240 ምስል እየተነሳ ሲታይ፣ ጉብታው ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው በቀጭኑ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር፣ በወፍራሙ ላይ 12.5 ሴንቲ ሜትር ይራመዳል። ቋጠሮውን ሲያልፍ እርምጃው በግማሽ ማጠሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በነገራችን ላይ ገመድ መትቶ ምላሹን በሰዓት መያዝ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኞች በሁለት ምሰሶ መካከል ያለው ሽቦ ምን ያህል እንደረገበ ለማወቅ የሚጠቀሙበት የቆየ ዘዴ ነው። ሽቦውን ምሰሶው አጠገብ ይመቱና ምቱ ደርሶ እስኪመለስ በሰከንድ ይቆጥራሉ። ያ ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በ0.306 ሲባዛ የርግበቱን መጠን በሜትር ይሰጣል። ሁለት ሰከንድ ከሆነ ሽቦው 1.2 ሜትር ያህል ረግቧል። ርዝመቱንም ክብደቱንም ማወቅ አያስፈልግም፣ ሽቦው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ። እንደኔ ገመድ መሃሉ ላይ ሌላ ሽቦ የተቀጠለበት ከሆነ ግን ቀድሞ የሚመጣው የቅጥያው ምላሽ ያታልላቸዋል።

የኔ ገመድ ላይ ያየነው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር በትክክል አልገጠመም። አንዱ ጥፋት የኔው ቋጠሮ ነው፤ ድርብርብ አድርጌ ስላሰርኩት ከባድ ሆነ። ቋጠሮው ክብደት የለውም ያልነው ስለማይሠራ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ገመድ ቢሆን እንኳ ጥቂት ምት ይመልሳል። ምቱ አጭርና ሹል በሆነ ቁጥር ይህ ይብሳል። ሁለተኛው የናይለን መለጠጥ ነው። ገመዱን ሳይወጠር መዝናችሁ ርዝመቱን ብትለኩ የምታገኙት የሜትር ክብደት ሲወጠር ካለው ይበልጣል፣ ሲለጠጥ ያው ክብደት ረዘም ባለ ገመድ ላይ ይከፋፈላልና። ሦስተኛው ደግሞ በቃጫው ውስጥ ያለው ሰበቃ ምቱን በየሜትሩ እየበላ ያሳንሰዋል።

ነገሩን በዝግታ በዓይን ለማየት ከፈለጋችሁ፣ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጆን ሻይቭ ለዚህ ሲል የሠራው መሣሪያ አለ። በአንድ ረጅም ሽቦ ላይ ብዙ የብረት ዘንጎች እንደ ዓሣ አጥንት አግድም ተደርድረዋል። አንዱን ዘንግ ሲጠመዝዙት ምቱ ከዘንግ ወደ ዘንግ እያዘገመ ይሄዳል። ረጃጅም ዘንጎች ያሉበት ክፍል እንደ ወፍራም ገመድ፣ አጫጭሮቹ እንደ ቀጭን ሆነው ያገለግላሉ። በ1959 በተሠራ የማስተማሪያ ፊልም ላይ ሻይቭ ሁለቱን ክፍሎች አገናኝቶ ምቱ እንዴት እንደሚከፈል ያሳያል። ከዚያም በመካከላቸው የዘንጎቹ ርዝመት ቀስ በቀስ የሚቀየርበት ክፍል ያስገባል፤ ተመላሹ ምት ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

ይህ በገመድም ይሠራል። በ10 ግራሙና በ40 ግራሙ መካከል በሜትር 20 ግራም የሚመዝን ገመድ እናስገባ። አሁን ከወፍራሙ የሚመጣው 3 ሴንቲ ሜትር ጉብታ በሁለት ደረጃ ያልፋል፤ ቀጭኑ ላይ ሲደርስ 4 ሳይሆን 4.1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ደረጃዎቹን እያበዛን ሽግግሩን ከምቱ ርዝመት በጣም የረዘመ ብናደርገው ወደ 4.24 ይጠጋል። ከዚያ በላይ አይሄድም፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ጉልበቱ በሙሉ አልፏል።

የቡሄ ሰሞን ልጆች የሚያጮሁትን ጅራፍ ያስተዋለ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ጅራፍ ከእጀታው በኩል ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይገመዳል፤ በመሃሉ በድንገት የሚቀጥንበት ቦታ የለውም። ቢኖረው የክንዱ ጉልበት ከፊሉ እዚያ ጋ ተመልሶ ወደ እጅ ይመጣ ነበር። እየሳሳ ሲሄድ ግን ጉልበቱ እያነሰ በሚሄድ ክብደት ላይ ይጠራቀማል፤ ጫፉም ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይወረወራል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» የምንለው ጩኸት በዚያ ጫፍ የተቀደደው አየር ነው። የኔን ሒሳብ እንዳለ ወደ ጅራፍ መውሰድ ግን አይቻልም። ጅራፍ በሁለት ቋሚ መካከል አልተወጠረም፤ ውጥረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የሚተጣጠፈውም ሦስት ሴንቲ ሜትር ሳይሆን ሙሉ ቀለበት ሠርቶ ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ የመሃሉን ገመድ ፍለጋ ሄደና ከጎረቤት መካከለኛ ውፍረት ያለው ሁለት ሜትር ገመድ ተውሶ መጣ። አሰርነው፤ ቋጠሮዎቹንም በዚህኛው ጊዜ አሳነስናቸው። በወረቀት ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የነበረው ተመላሽ አሁን በሁለት ተከፍሎ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ከሌላው ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተከትሎ። ጣቱን አስነክቶ መታው፣ ጠበቀ።

«የግንቡ ብቻ ነው የመጣው» አለኝ።

«እንደገና ምታው፤ ጣትህን አታጥብቅ፣ ለስለስ አድርገህ አስነካው።»

መታው። ዓይኑን ጨፈነ።

«አለ፤» አለ ቆይቶ፣ «ግን የዝንብ ክንፍ ያህል ነው።»